የላብ ሪፖርት መደምደሚያ ከመረጃውና ከኤረር ትንተናው ጋር ይስማማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በሙሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ምሳሌ ላይ ነው፤ ሐዋሳ ላይ በተሠራ የአንደኛ ዓመት የፔንዱለም ሙከራ ላይ።

መደምደሚያን ማመሳከር ሲባል በትክክል ምን ማድረግ ነው?

መደምደሚያው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን አባባል ለብቻው አውጥቶ «ይህን የሚደግፈው የትኛው የሠንጠረዥ ቁጥር ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሙከራው የምድር ስበት ሽምጠጣን፣ ማለትም g ን፣ በ `g = 4π²L/T²` ለማግኘት የተሠራ ነው እንበል፤ L የፔንዱለሙ ርዝመት፣ T የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ነው። የሪፖርቱ መደምደሚያ እንዲህ ይላል፦ «g = 9.63 ± 0.03 ሜ/ሴ² አግኝተናል። ከ9.81 የሚለየው በ1.8 በመቶ ብቻ ስለሆነ ሙከራው የተሳካ ነው። ልዩነቱ የመጣው ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና በአየር ግጭት ምክንያት ነው። ግራፉ ቀጥታ መስመር መሆኑ አለካካችን ትክክል እንደነበር ያረጋግጣል።»

እዚህ ውስጥ አራት አባባሎች አሉ፤ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፍርድ፣ አንድ ምክንያት እና አንድ ማረጋገጫ። አራቱም ሲነበቡ ያሳምናሉ። ከታች እንደሚታየው ግን ከሠንጠረዡ ጋር ሲገጣጠሙ አንዳቸውም እንደተጻፉ አይቆሙም። ሠንጠረዡ ይህ ነው፤ ርዝመቱ የተለካው ከማንጠልጠያው እስከ ኳሷ አናት ድረስ፣ ጊዜው ደግሞ የ20 ውዝዋዜ ነው።

| የክር ርዝመት (ሜ) | የ20 ውዝዋዜ አማካይ ጊዜ (ሴኮንድ) | T² (ሴ²) | g (ሜ/ሴ²) |
|---|---|---|---|
| 0.40 | 25.72 | 1.654 | 9.55 |
| 0.60 | 31.40 | 2.465 | 9.61 |
| 0.80 | 36.15 | 3.267 | 9.67 |
| 1.00 | 40.39 | 4.078 | 9.68 |

ከየት ልጀምር?

ከሠንጠረዡ አንድ ረድፍ መርጣችሁ በካልኩሌተር እንደገና ሥሩት። የ0.80 ሜትሩን እንውሰድ። 36.15 ለ20 ሲካፈል 1.8075 ሴኮንድ ነው፤ ካሬው 3.267። 39.478 በ0.80 ተባዝቶ ለ3.267 ሲካፈል 9.67 ይወጣል፤ ሠንጠረዡም የሚለው ይህንኑ ነው። ረድፉ ካልገጠመ ወደ መደምደሚያው መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

በዚህ ደረጃ በብዛት የሚገኘው ስህተት የቆጠራ ነው። ኳሷን ሲለቁ «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው ሃያ ሲል የተጠናቀቀው 19 ውዝዋዜ ብቻ ነው። T በ5 በመቶ ያጥርና g ወደ 10.8 ይወጣል። ስለዚህ 10.8 አካባቢ የሆነ ውጤት ስታዩ ከሌላው ሁሉ በፊት ቆጠራውን ጠርጥሩ። ኳሷ ስትለቀቅ «ዜሮ» ማለት ነው መፍትሔው።

የ± ቁጥሩ ትክክል መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ከጥሬው ንባብ ተነስታችሁ እንደገና ማውጣት ነው። ለ0.80 ሜትር አምስቱ ንባቦች 36.08፣ 36.25፣ 36.05፣ 36.22 እና 36.15 ሴኮንድ ናቸው። አማካዩ 36.15፣ መደበኛ ልይይቱ 0.086 ሴኮንድ ነው። አማካዩ ከእያንዳንዱ ንባብ የተሻለ ስለሚታመን 0.086 ለ√5 ይካፈላል፤ 0.039 ሴኮንድ ይሆናል። ይህ ከ36.15 አንጻር 0.11 በመቶ ነው። በቀመሩ ውስጥ T በካሬ ስለገባ ለg ያለው ድርሻ እጥፍ፣ 0.21 በመቶ ይሆናል። ርዝመቱ በሜትር ተለክቶ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል ካልን ያ 0.25 በመቶ ነው። ሁለቱ በቀጥታ አይደመሩም፤ ካሬዎቻቸው ተደምረው ሥር ይወጣል። 0.33 በመቶ ይመጣል፤ ስለዚህ g = 9.67 ± 0.03።

በዚህ ስሌት ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ስቶፕዎቹ እስከ 0.01 ሴኮንድ ስለሚያነብ ብቻ የጊዜውን ኤረር 0.01 ብሎ መጻፍ ነው። ንባቦቹ ራሳቸው እስከ 0.2 ሴኮንድ ድረስ ይራራቃሉና ይህ አይሆንም። ሁለተኛው የእጅን መዘግየት፣ ለምሳሌ 0.2 ሴኮንድን፣ ለ20 ሳያካፍሉ በአንዱ T ላይ መጫን ነው። እንዲህ ሲሆን g ላይ 22 በመቶ ያህል ኤረር ይመጣል፤ ያን ያህል ሰፊ ኤረር ደግሞ ማንኛውንም መደምደሚያ «ትክክል» ያደርገዋል። ሁለቱንም ለመለየት የ±ን ቁጥር ከንባቦቹ መበታተን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። እጅግ ከጠበበ ወይም እጅግ ከሰፋ ስሌቱን ተመልሳችሁ እዩት።

ውጤቴን ከየትኛው ቁጥር ጋር ላወዳድር፣ ከ9.81 ወይስ ከሌላ?

ሐዋሳ ላይ ከ9.78 ጋር። መጽሐፍ ላይ ያለው 9.81 የተጠጋጋው ከ9.80665 ነው፤ ይህ በስምምነት የተወሰነ መደበኛ ቁጥር ሲሆን 45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በባሕር ወለል ካለው ዋጋ ጋር ይቀራረባል። የምድር ስበት በምድር ወገብ 9.780፣ በዋልታዎች 9.832 ያህል ነው። ሐዋሳ ከወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ገና በባሕር ወለል ስሌት እንኳ 9.781 ነው የሚመጣው። የከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ከዚህ ላይ የሚቀንሰው 0.005 ያህል ብቻ ነው። አዳማ ላይ ለሚሠራም ቁጥሩ ሲጠጋጋ ያው 9.78 ነው።

ይህ የ0.03 ልዩነት ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። የእናንተ ± 0.1 ከሆነ ችላ ማለት ምንም አይጎዳም። ± 0.02 ወይም 0.03 ሲሆን ግን የማነጻጸሪያው ቁጥር ራሱ ፍርዱን ሊለውጠው ይችላል። ሐዋሳ ላይ 9.77 ± 0.01 ያገኘ ተማሪ 9.81ን ይዞ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ቢደመድም በጥሩ መረጃ ላይ መጥፎ መደምደሚያ ጻፈ ማለት ነው።

የመቶኛ ስህተቱ ከ2 በታች ከሆነ ውጤቱ ጥሩ አይደለም እንዴ?

መቶኛው ብቻውን ምንም አይፈርድም። 1.8 በመቶ ትንሽ ወይም ትልቅ የሚሆነው ከ±ው አንጻር ነው። ± 3 በመቶ ላለው ሙከራ 1.8 በመቶ በሚጠበቀው ክልል ውስጥ ነው፤ ± 0.3 በመቶ ላለው ግን በጣም ሩቅ ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ልዩነቱን ለ± ማካፈል ነው። በሪፖርቱ ቁጥር 9.78 − 9.63 = 0.15፤ 0.15 ለ0.03 ሲካፈል 5 ይሆናል። በተለመደው አሠራር ይህ ቁጥር ከ2 በታች ከሆነ «ይስማማል» ይባላል፤ በ2 እና በ3 መካከል ከሆነ ያጠራጥራል፤ ከ3 በላይ ሲሆን አይስማማም። 5 ማለት ወይ ±ው ተሳስቷል፣ ወይ በሙከራው ውስጥ ውጤቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጎትት ነገር አለ ማለት ነው። ሪፖርቱ «የተሳካ ነው» ያለው የራሱን የኤረር ትንተና ሳያነብ ነው። ተማሪው ±ን ለማውጣት ደክሞ ሲያበቃ መደምደሚያው ላይ ሳይጠቀምበት መቅረቱ በእውነት ያሳዝናል፤ የሥራው ፍሬ ያለው እዚያ ነውና።

«ከፍታ»፣ «የአየር ግጭት»፣ «የሰው ስህተት» ብሎ ምክንያት መስጠት ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምክንያት ሁለት ፈተና ማለፍ አለበት። አንደኛ፣ ውጤቱን የሚገፋው ወደ ታየው አቅጣጫ ነው? ሁለተኛ፣ መጠኑ ይበቃል?

ከፍታን እንፈትን። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ከፍ ሲባል g ይቀንሳል። መጠኑ ግን በአንድ ኪሎ ሜትር 0.0031 ያህል ነው። ከ9.81 ወደ 9.63 ለመውረድ 0.18 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ላቡ ወደ 58 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መሆን ነበረበት። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ እንኳ የከፍታው ድርሻ ከ0.015 አያልፍም። ከፍታ ምክንያት ሆኖ ወደቀ።

የአየር ግጭትም አቅጣጫው ትክክል ነው። ለብረት ኳስ ግን አየሩ በg ላይ የሚያመጣው ለውጥ 0.005 እንኳ አይደርስም። ግጭት የውዝዋዜውን ስፋት ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ ጊዜውን ብዙም አይነካም። «የሰው ስህተት» ደግሞ ሊፈተን የማይችል አባባል ስለሆነ መደምደሚያ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። የስቶፕዎች መዘግየት ለማለት ከሆነ በንባቦቹ መበታተን አማካይነት ±ው ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል፤ ሁለት ጊዜ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

በመጠን ፈተናውን የሚያልፍ አንድ ምክንያት የመልቀቂያው ማዕዘን ነው። ቀመሩ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው። በ10 ዲግሪ ሲለቀቅ g በ0.4 በመቶ ያህል፣ በ20 ዲግሪ በ1.5 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሪፖርቱ ማዕዘኑን ካልጻፈ ይህን ምክንያት ማረጋገጥም መጣልም አይቻልም። ማዕዘኑን መመዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ታዲያ በዚህ ሪፖርት ውስጥ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው?

የሠንጠረዡን የመጨረሻ ዓምድ ከላይ ወደ ታች አንብቡት፤ 9.55፣ 9.61፣ 9.67፣ 9.68። ክሩ በረዘመ ቁጥር g ያድጋል። የስበት ሽምጠጣ የክር ርዝመት አይቶ አይለወጥም፤ ስለዚህ ይህ አካሄድ ራሱ ፍንጭ ነው። ሪፖርቱ አራቱን አማክሎ ከመበታተናቸው ± 0.03 አወጣ። ከመበታተን ± ማውጣት የሚቻለው ግን ቁጥሮቹ በዘፈቀደ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ነው። በሥርዓት ሲወጡ አማካዩም ±ውም ትርጉማቸውን ያጣሉ።

በአጭር ክር ላይ የሚጎላ፣ በረዥሙ ላይ የሚደበዝዝ ስህተት ማለት በሁሉም ርዝመት ላይ እኩል የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ለማየት T²ን በቋሚው ዘንግ፣ Lን በአግድሙ አድርጋችሁ መስመሩን በዜሮ ሳታስገድዱ አስምሩ። ስሎፑ 4.038 ይወጣል፤ 39.478 ለ4.038 ሲካፈል g = 9.78 ነው! መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጠው ደግሞ ዜሮ ላይ ሳይሆን 0.039 ላይ ነው። ይህን ለስሎፑ ብናካፍል 0.0098 ሜትር፣ ማለትም 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የፔንዱለም ርዝመት መለካት ያለበት እስከ ኳሷ መሐል ድረስ ነበር፤ የተለካው ግን እስከ አናቷ ነው። ዲያሜትሯ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኳስ ብትሆን የጎደለው ርዝመት ልክ ይህ ነው።

ማዕዘኑስ? በሁሉም ርዝመት ላይ በአንድ ዓይነት ማዕዘን ተለቆ ቢሆን ኖሮ አራቱም g በእኩል መቶኛ ይወርዱ ነበር፤ ስሎፑ ይለወጥ ነበር እንጂ መስመሩ ዜሮን አይስትም ነበር። ስለዚህ መረጃው በሁለቱ ምክንያቶች መካከል መምረጥ ይችላል፤ የመረጠውም ርዝመቱን ነው።

የግራፌ R² ከ0.999 በላይ ነው። ይህ መደምደሚያዬን አያረጋግጥም?

አያረጋግጥም። በዚህ መረጃ ላይ መስመሩን በዜሮ ብናስገድደው እንኳ R² ከ0.999 በላይ ይወጣል፤ g ግን 9.65 ይሆናል። R² የሚናገረው ነጥቦቹ ለመስመሩ ምን ያህል እንደተጠጉ ብቻ ነው። መስመሩ ትክክለኛው መሆኑን አይናገርም። የ1 ሴንቲ ሜትር ጉድለት ሁሉንም ነጥብ በእኩል ስለሚያነሳ ቀጥታነቱን ጨርሶ አይነካውም።

ከR² ይልቅ ማየት ያለባችሁ ኢንተርሴፕቱን ከነ±ው ነው። ኤክሴል ላይ ርዝመቱ ከB2 እስከ B5፣ T² ከC2 እስከ C5 ከሆነ ይህን ጻፉ፦

```
=LINEST(C2:C5,B2:B5,TRUE,TRUE)
```

በቆዩት የኤክሴል ስሪቶች አስቀድሞ ሁለት ዓምድና አምስት ረድፍ መርጦ Ctrl+Shift+Enter መጫን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ረድፍ ስሎፑንና ኢንተርሴፕቱን፣ ሁለተኛው ረድፍ የየራሳቸውን ± ይሰጣል። እዚህ ስሎፑ 4.038 ± 0.006፣ ኢንተርሴፕቱ 0.039 ± 0.005 ነው። 0.039 ለ0.005 ሲካፈል ወደ 8 ይሆናል፤ ዜሮ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ከስሎፑ የሚመጣው g 9.78 ± 0.02 ነው። ግን አራት ነጥብ ብቻ ስላለ ይህ ± ራሱ ልቅ ግምት ነው። ስድስት ወይም ስምንት ርዝመት ቢለካ ይበልጥ ይታመናል።

9.78 ± 0.02 ካገኘሁ «ሐዋሳ ላይ g ከ9.81 እንደሚያንስ አሳይተናል» ማለት እችላለሁ?

አትችሉም። ከ9.81 ያለው ልዩነት 0.03 ነው፤ ለ0.02 ሲካፈል 1.5። ይህ «ይስማማል» ክልል ውስጥ ነው። ውጤታችሁ ከ9.78ም ከ9.81ም ጋር ይስማማል፤ በሁለቱ መካከል ለመለየት አቅም የለውም። መልሱን ስለምታውቁት ብቻ መረጃው ያልተናገረውን በእሱ ስም መናገር አይገባም። ሁለቱን ለመለየት ± ወደ 0.01 ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ይህም ርዝመትን በ1 ሜትር ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ስህተት፣ ጊዜን ደግሞ በ50 ወይም በ100 ውዝዋዜ መለካትን ይጠይቃል።

ስህተቱን ያገኘሁት ላቡ ካለቀ በኋላ ነው። እንደገና መለካት ካልቻልኩ ምን ልጻፍ?

ሠንጠረዡን አትንኩ። በርዝመቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በዝምታ ጨምሮ ቁጥሮቹን ማስተካከል መረጃ መፈብረክ ነው፤ ጥሬው ንባብ በደብተራችሁ እንዳለ መቅረብ አለበት። የሚለወጠው ትንተናውና መደምደሚያው ነው። የኳሷን ዲያሜትር ለመለካት ግን ሙከራውን መድገም አያስፈልግም። ከላብ ረዳቱ ፈቃድ ጠይቃችሁ በቬርኒየር ካሊፐር ሁለት ደቂቃ ይበቃችኋል፤ የተለካው በኋላ መሆኑን ከነቀኑ ጻፉ።

እሱም ካልተቻለ መደምደሚያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከእያንዳንዱ ርዝመት በቀጥታ የተሰላው g ከ9.55 ወደ 9.68 በርዝመት እየጨመረ ስለሄደ አማካዩን አልተጠቀምንም። ከT² እና L ግራፍ ስሎፕ g = 9.78 ± 0.02 ሜ/ሴ² አግኝተናል፤ ይህ ለሐዋሳ ከሚጠበቀው 9.78 ጋር ይስማማል፣ ከ9.81 ግን ለመለየት አይበቃም። ኢንተርሴፕቱ 0.039 ± 0.005 ሴ² መሆኑ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጥሮ መለካቱን ያመለክታል። ርዝመቱ የተለካው እስከ ኳሷ አናት ስለነበር የኳሷ ራዲየስ መጉደሉ ሊሆን የሚችል ምክንያት ነው፤ ዲያሜትሯን ግን አልለካንም።»

የመጨረሻዋን ሐረግ ብዙዎች ነጥብ ያስቀንሳል ብለው ይፈሩና ያወጧታል። በውስጧ ያለው ግን የተለካውን ከተገመተው የሚለየው መስመር ነው፤ እሷ ከወጣች «ሊሆን የሚችል» የተባለው ለአንባቢው የተረጋገጠ መስሎ ይታየዋል።